ቴሌግራም እየገባ ብሮውዘር እምቢ ሲል

*ሰላም ወንድማችን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ቤት ሆኜ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ዋይፋዩ አለ፣ ቴሌግራምም ይገባል፣ ብሮውዘር ላይ ግን ምንም አይከፍትም። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይሠራል፤ ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ ያው ነው። ጎረቤቴ ‹‹ዲኤንኤሱን ቀይሪው›› ብሎኝ ሰው አስቀየርኩ፣ ለውጥ ግን የለም። ምን ላድርግ?*

እህቴ፣ ጎረቤትሽ ልክ ነው። የቀየረልሽ ሰው ግን የነካው ሌላ ቦታ ይመስለኛል። አልፈርድበትም። እኔም የካ አባዶ አንድ ቤት እንዲሁ ቀይሬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ማታ ላይ ‹‹ያው ነው እኮ!›› ተብሎ ተደወለልኝ።

ፍንጩ ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን የቁጥር አድራሻ በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ማንንም ሳይጠይቅ ይገናኛል። ብሮውዘር ግን የሚያውቀው ስም ብቻ ነው። wikipedia.org ስትዪው ቁጥሩን ከአንድ ቦታ ጠይቆ ማምጣት አለበት። የሚጠየቀው ዲኤንኤስ ነው። ስለዚህ መስመርሽ ደህና ነው፣ የታመመው ጥየቃው ነው።

አሁን ሰፈራችሁ እንግዳ ሲመጣ አስቢው። ብሎኩ ሲጠፋበት በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ይጠይቃል። ጥበቃው ራሱ ካላወቀ ኮሚቴውን ጠይቆ ይመልስለታል። ቤትሽ ውስጥ ጥበቃው ራውተሩ ነው። ስልክሽም ላፕቶፕሽም የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የቁጥር አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። እሱ ደግሞ ውጭ ያለውን ሰርቨር ጠይቆ ያቀብላል። አንዳንዱ ራውተር ላይ ይህ አቀባይ ክፍል ብዙ ሰዓት ሲሠራ ይደነዝዝና መልስ መስጠት ያቆማል። አጥፍተሽ ስታበሪው ይነቃል፣ ቆይቶ ደግሞ ያንቀላፋል።

ብዙ ሰው ዲኤንኤስ የሚቀይረው ራውተሩ ውስጥ WAN በሚለው ገጽ ነው። ያ ማለት ጥበቃውን ‹‹ኮሚቴውን ተው፣ ሌላ ሰው ጠይቅ›› ማለት ነው። ጥበቃው ከተኛ ማንን እንደሚጠይቅ ብትነግሪው ምን ዋጋ አለው?

ግን በግምት አንሂድ። ችግሩ ሲነሳ ራውተሩን ለማጥፋት አትቸኩዪ። ላፕቶፕሽ ላይ Command Prompt ክፈቺና እነዚህን ሁለቱን አንድ በአንድ ጻፊ፦

```
nslookup wikipedia.org
nslookup wikipedia.org 1.1.1.1
```

የመጀመሪያው ራውተሩን ይጠይቃል። ሁለተኛው ራውተሩን አልፎ ውጭ ያለውን 1.1.1.1 ን በቀጥታ ይጠይቃል። የመጀመሪያው DNS request timed out ብሎ ሁለተኛው ቁጥሮች ይዞ ከመጣ፣ ጥፋተኛው ከራውተሩ ወዲያ ያለው ሰርቨር ወይም ራውተሩ ራሱ ነው። WAN ላይ ተቀይሮም ካልተሻለ፣ ማጥፋትና ማብራትም የሚፈታው ከሆነ፣ እኔ ራውተሩ ላይ ነው ጣቴን የምቀስረው።

መፍትሔው የቤቱ ዕቃዎች ጥበቃውን መጠየቅ ትተው በቀጥታ ውጭ እንዲጠይቁ ማድረግ ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ። የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። LAN ውስጥ DHCP Server የሚል ገጽ ፈልጊ። እዚያ Primary DNS እና Secondary DNS የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ፤ አንዳንዱ ራውተር DNS Server 1 እና 2 ይላቸዋል። ከመንካትሽ በፊት ገጹን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ አንዱ ላይ 1.1.1.1፣ ሌላው ላይ 8.8.8.8 አስገቢና Apply በዪ። የመጀመሪያው የክላውድፍሌር፣ ሁለተኛው የጎግል ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከሁለት ድርጅት የምንወስደው አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲተካው ነው።

አደራ፣ ሁለተኛው ሣጥን ላይ ‹‹ለማንኛውም›› ብለሽ 192.168.1.1 ን እንዳትተዪ። አንዳንዱ ዕቃ አልፎ አልፎ እሱን ይጠይቃል። ያኔ ችግሩ አይጠፋም፣ ይደበቃል። አንዱ ስልክ ይከፍታል፣ ሌላው አይከፍትም፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ሌላው ሰው የሚሸወድበት፣ ስልኮቹ ወዲያው አዲሱን አይዙም። ቀድሞ የተሰጣቸውን ይዘው ይቆያሉ። የእያንዳንዱን ስልክ ዋይፋይ አጥፍተሽ አብሪ። ላፕቶፑ ላይ ይህን ጻፊ፦

```
ipconfig /renew
ipconfig /all
```

DNS Servers ከሚለው አጠገብ 1.1.1.1 እና 8.8.8.8 ካየሽ ገብቷል። 192.168.1.1 ብቻ ካለ አንድም Apply አላልሽም፣ አንድም ራውተሩ ለውጡን አልተቀበለም። የአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ Private DNS የሚል አለ። ከዚህ በፊት ሰው እዚያ አንድ ስም አስገብቶበት ከሆነ ያ ስልክ የራውተሩን አይሰማም፤ Automatic ላይ መልሺው።

ከዚህ በኋላ ምን ታያለሽ? ዋናው፣ ራውተሩን ለማጥፋት ወንበር ላይ መውጣት ይቀራል። ገጽ ስትከፍቺ መጀመሪያ ላይ ነጭ ሆኖ የሚቆይባት ጊዜም ታጥራለች። ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ስፒድ ቴስት ብትሠሪ ያው ቁጥር ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቪዲዮ ሲያይ ዩቲዩብ የሚቆራረጥብሽ ከሆነ አሁንም ይቆራረጣል፤ ዲኤንኤስ መንገድ ይጠቁማል እንጂ መንገድ አያሰፋም። እንዲያውም አንዳንድ ድረ ገጽ በጠየቅሽው ዲኤንኤስ ተመርቶ ራቅ ካለ ሰርቨር ሊመጣልሽ ይችላል። አንድ የምታዘወትሪው ገጽ ከበፊቱ ከዘገየ የሁለቱን ቁጥሮች ቦታ አቀያይረሽ ሞክሪ።

ኢንተርኔት አቅራቢሽ ለደንበኞቹ ብቻ የከፈተው ገጽ ካለ በስሙ ላይከፈት ይችላል፤ ያንን ሰርቨር የሚያውቀው የራሱ ዲኤንኤስ ስለሆነ። የምትጎበኚያቸውን ድረ ገጾች ስምም ከእንግዲህ የሚጠየቁት እነዚያ ሁለት የውጭ ድርጅቶች ናቸው። የደንበኛ ሒሳብ ስለምትይዢ ይህን ብታውቂው ብዬ ነው። የምትሠሪበትን ፋይል ግን አያዩም፣ ስሙን ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያስተካከልሽው አይጠፋም። የሚጠፋው ሰው ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን የ Reset ቀዳዳ በመርፌ ሲወጋት ነው። ያኔ ያነሳሻት ፎቶ ሳትሆን አሁን የጻፍኩልሽ ቁጥሮች ናቸው የሚያስፈልጉሽ፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ራውተሩ ሥር ለጥፊያቸው።

ከሰሞኑ በአንዱ ቀን ሁለቱም nslookup አብረው እምቢ ካሉና ቴሌግራምም ከሞተ ዲኤንኤሱን አትንኪ። የፋይበር መስመር ከሆነ LOS የምትለዋን መብራት እዪ። ቀይ ከሆነች መስመሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ወደ አቅራቢሽ ደውዪ።