የምሽት ጥያቄዎች፦ ያልተሠራው ሥራ የት ላይ ቆመ?

«በየምሽቱ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን ቀረ፣ ነገ ከምን ልጀምር እያልኩ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው መልስ ገጽ ይሞላል፤ ለሁለተኛው ግን ‹ሰነፍኩ› ከማለት ሌላ የምጽፈው አላገኝም።»

የመጀመሪያው መልስ የሚረዝመው ብዙ ጊዜ ውጤትና ውሎ ስለሚቀላቀሉ ነው። «ስለ ውሉ ሠራሁ» የሚለው ውሎ ነው፤ «የውሉን ሁለተኛ ክፍል አርሜ ለኃላፊዬ ላክሁ» የሚለው ግን ሌላ ሰው አይቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ውጤት ነው። ሁለተኛውን ዓይነት ብቻ ከመዘገቡ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይበቃዎታል።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ለምን አልሠራሁም?» ብለው ራስዎን መጠየቁን ቢተዉት እመክራለሁ። ይህ አጠያየቅ ስለ ጠባይ የሚናገር መልስ ይጠራል፤ ስንፍና ደግሞ ነገ ጠዋት በምን እርምጃ እንደሚስተካከል አይነግርዎትም። ይልቁንም «ሥራው የት ላይ ቆመ?» ብለው ይጠይቁ።

«የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየምሽቱ ‹አልተጠናቀቀም› ብዬ መዘገብኩ። ሰኞ የወጪው ሠንጠረዥ ድረስ ደርሼ ነበር፤ የሦስተኛው ወር ቁጥር ከሒሳብ ክፍል ስላልመጣ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን አልከፈትኩትም። መዝገቡ ምን ጠቀመኝ?»

«አልተጠናቀቀም» የሚለው ቃል በአራቱም ምሽቶች አንድ ይሁን እንጂ የተመዘገበው ነገር አንድ አልነበረም። ሰኞ ሥራው የቆመው በሌላ ሰው እጅ ባለ ቁጥር ምክንያት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ግን ቁጥሩን የማይፈልገው የሪፖርቱ ክፍል፣ ማለትም የክንውን መግለጫው፣ ያለ በቂ ምክንያት አብሮ ቆሟል። ሰኞ ምሽት «የት ላይ ቆመ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ ሪፖርቱ በእርግጥ ሁለት ሥራ መሆኑ ያን ጊዜውኑ ይታይ ነበር።

እኔ የቀረን ሥራ በአራት ከፍዬ ማየትን እመርጣለሁ፦ ሰው እየጠበቀ የቆመ፣ ጊዜ ያነሰው፣ ሌላ ሥራ የገፋውና ጨርሶ ያልተጀመረ። ሰው እየጠበቀ ለቆመው የነገ እርምጃ ቁጥሩ በየትኛው ቀን እንደሚደርስ መጠየቅ ነው። ሌላ ሥራ የገፋው አዲስ ቀን ይቆረጥለታል፤ ያልተጀመረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መግቢያው ያልታወቀ ሥራ ስለሆነ ወደ ትንሽ ክፍል መውረድ አለበት። ጊዜ ያነሰው ለብቻው መታየት ይገባዋል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት ሰዎች ያለፉት ተመሳሳይ ሥራዎች ካሰቡት በላይ እንደፈጁ እያወቁም ቀጣዩን አሳንሰው ይገምታሉ። ስለዚህ «በርትቼ እጨርሳለሁ» ብሎ ከመጻፍ ያለፈው ተመሳሳይ ሥራ የፈጀውን ሰዓት ተመልክቶ ለነገ የሚያዘውን ክፍል መቀነስ ይሻላል።

ለእርስዎ የሐሙስ ምሽት መዝገብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሠንጠረዡ የሦስተኛውን ወር ቁጥር ይጠብቃል፤ መግለጫው አልተጀመረም። ነገ ቢሮ እንደገባሁ ሒሳብ ክፍል ደውዬ ቁጥሩ የሚደርስበትን ቀን እጠይቃለሁ።» መግለጫው ከስልኩ በኋላ ይከተላል።

«የነገውን የመጀመሪያ እርምጃ እጽፋለሁ፤ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ይወስደኛል።»

የጻፉት እርምጃ መነሻ ጊዜ እንዳለው ይመልከቱ። «ሪፖርቱን እቀጥላለሁ» የሚለው መቼ እንደሚጀመር አይናገርም፤ «ኮምፒውተሬን እንደከፈትኩ፣ መልእክት ሳላይ፣ የመግለጫውን የመጀመሪያ አንቀጽ እጽፋለሁ» የሚለው ግን ድርጊቱን ከአንድ የታወቀ ቅጽበት ጋር ያስራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ስለ እንዲህ ያለው «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ዓይነት ዕቅድ በስፋት አጥንቷል። አንድ እርምጃ ብቻ ይጻፉ፤ ሦስት ከጻፉ ጠዋት እንደገና መምረጥ ይኖርብዎታል።

«ከሥራ ስወጣ ልጻፍ ወይስ ከመኝታ በፊት? የቀረውን ሳስብ እንቅልፍ እንዳላጣ እፈራለሁ።»

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ተከታትሎ ነበር። ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉት፣ ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት ይልቅ በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ዝርዝራቸው ይበልጥ ግልጽ የሆነላቸው ደግሞ ይበልጥ ፈጥነው ተኝተዋል። ጥናቱ የአንድ ሌሊትና የጤናማ ወጣቶች በመሆኑ እንቅልፍ ማጣት ለጸናበት ሰው መድኃኒት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በዚህ መሠረት የተሠራውንና የቀረውን የቆመበት ቦታ ትዝ በሚልበት ሰዓት፣ ማለትም ከሥራ ሲወጡ፣ ቢመዘግቡት እመርጣለሁ። ማታ ሐሳቡ ከተመለሰ መዝገቡን ከፍተው የነገውን እርምጃ ብቻ ያንብቡ፤ አዲስ ነገር ከመጣብዎት እሱኑ በአንድ መስመር ከሥሩ ጽፈው ይዝጉት።