ሶዳው የሰጠው ጋዝ፦ የባዮጋዝ ምርትን በጅማ ስለ መለካት

ጥያቄ፦ በጅማ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። ለኮርስ ሥራ በ20 ሊትር ጀሪካን 4 ኪሎ እበት፣ 4 ኪሎ የካፌ ትራፊ (እንጀራ፣ ሽሮ፣ የአትክልት ልጣጭ) እና 7 ሊትር ውሃ ቀላቅለን ዘጋን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ጋዝ ወጣ፤ ግን አልነደደም፤ ከዚያም ቆመ። ፒኤቹ 5.2 ስለነበረ 150 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ስንጨምር ጋዙ ተመለሰና በ2 ቀን ወደ 30 ሊትር ለካን። የምንለካው ውሃ ሞልተን በደፋነው ጠርሙስ ነው፤ የጠዋቱና የከሰዓቱ ንባብ ግን አይገናኝም። ማብላያው ድኗል? ለሪፖርቱስ የትኛውን ቁጥር እንጻፍ?

መልስ፦ 30 ሊትሩን ከውጤታችሁ አውጡት። የዚያ ጋዝ ምንጭ ከእበቱና ከትራፊው ይልቅ ሶዳው እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። ቤኪንግ ሶዳ በማብላያው ውስጥ ከተጠራቀመው አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚከተለው ይሆናል፦

NaHCO3 + CH3COOH → CH3COONa + H2O + CO2

የአንድ ሞል ሶዳ ክብደት 84 ግራም ስለሆነ፣ 150 ግራሙ ከ1.8 ሞል ጥቂት ያነሰ ነው። ሁሉም ከአሲድ ጋር ቢመላለስ በ0 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት 40 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በጅማ ከፍታና ሙቀት ያው ጋዝ በጠርሙሳችሁ ውስጥ 55 ሊትር ገደማ ሆኖ ይነበባል። ከዚህ ጥቂቱ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ እንደሚቀር ስታስቡ፣ የለካችሁት 30 ሊትር ያለ አንዳች ባክቴሪያ እርዳታ ሊገኝ የሚችል መጠን መሆኑን ትረዳላችሁ። ኖራ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመጥና ንባቡን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጀሪካኑን ወደ ውስጥ ያጨማድደዋል። ስለዚህ በልኬት መካከል አሲድ ማርገቢያ የተጨመረበትን ማብላያ ለምርት ስሌት መጠቀም አይገባም።

ማብላያው መዳን አለመዳኑ የሚለየው በጋዙ ዓይነት እንጂ በመጠኑ አይደለም። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ውሰዱና 40 ሚሊ ሊትር ጋዝ ሳቡበት፤ ከዚያ በሊትር 120 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ከሟሟበት ፈሳሽ 15 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ አፉን ዝጉና ለአንድ ደቂቃ ያህል ናጡት። ኮስቲክ ሶዳው ካርቦን ዳይኦክሳይዱንና ጥቂቱን ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ስለሚውጥ፣ የቀረው በአመዛኙ ሚቴን ነው። ጤናማ የእበት ማብላያ ከ40 ሚሊ ሊትሩ 22 እስከ 26 ያህሉን ያስቀራል። የእናንተው ከ20 በታች ከቀረ ገና አልዳነም። ኮስቲክ ሶዳ ዓይን ያጠፋልና ያለ መነጽርና ያለ ጓንት አትሞክሩት። ነበልባል መሞከር ካስፈለጋችሁም ጋዙን በሌላ ዕቃ ወስዳችሁ ራቅ ብላችሁ እንጂ በጀሪካኑ ቱቦ ጫፍ ላይ ክብሪት አትጫሩ፤ በውስጡ የቀረ አየር ካለ እሳቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ችግሩ ምንጭ እንምጣ። በሚዛን እኩል የመሰላችሁ 4 ኪሎና 4 ኪሎ ለባክቴሪያዎቹ እኩል አይደለም። ለእነሱ የሚቆጠረው በኮርሳችሁ ቪኤስ የምትሉት፣ ማለትም ናሙናው በ105 ዲግሪ ደርቆ በ550 ዲግሪ ሲቃጠል የሚጠፋው ክፍል ነው። እበት 18 በመቶ ያህል ደረቅ ነገር ቢኖረውና የዚያ 80 በመቶ ተቃጣይ ቢሆን፣ 4 ኪሎው 576 ግራም ቪኤስ ይሰጣል። የካፌ ትራፊ 25 በመቶ ደረቅ፣ የዚያም 90 በመቶ ተቃጣይ ነው ብንል ደግሞ 900 ግራም ይሆናል። በዚያ ላይ እንጀራና ሽሮ በቀናት ውስጥ ወደ አሲድ የሚለወጥ ስታርች ናቸው፤ እበቱ ግን ላሟ ቀድማ የተጠቀመችበትና ዝግ ብሎ የሚበሰብስ ነው። አሲድ ሠሪዎቹ ባክቴሪያዎች ፈጥነው ሲባዙ ሚቴን ሠሪዎቹ ግን ቀስ ብለው ነው የሚባዙት፤ ከ6.5 በታች በሆነ ፒኤችም ሥራቸው ይዳከማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያያችሁት የማይነድ ጋዝ የአሲድ ሠሪዎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ጥቂት ሃይድሮጂን ነው። ትኩስ እበት ሚቴን ሠሪዎችን ቢይዝም ያንን ያህል ትራፊ ለመሸከም በቂ እርሾ አይሆንም።

ስለዚህ እንደገና እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ይህንን ማከሙ ከአዲሱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለእርሾ የሚሆናችሁ በሥራ ላይ ካለ የቤተሰብ ማብላያ መውጫ የሚገኘው ዝቃጭ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ላም የሚያረቡና ባዮጋዝ ያላቸውን ሰዎች ብትጠይቁ አንድ ጀሪካን አይነፍጓችሁም። ዝቃጩን በወንፊት አጥሩት፤ ውስጡ የቀረው ምግብ እንዲያልቅም ምንም ሳትጨምሩበት፣ ጋዙ መውጫ እንዲኖረው አድርጋችሁ፣ አንድ ሳምንት ያህል አቆዩት። ቪኤሱን በራሳችሁ ላቦራቶሪ ለኩ፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች መንገዱን ለማሳየት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው።

ዝቃጩ በሊትር 39 ግራም ቪኤስ አለው እንበል። 10 ሊትር ስትወስዱ 390 ግራም የእርሾ ቪኤስ ይኖራችኋል። ጥሩው ልማድ የምግቡ ቪኤስ ከእርሾው ግማሽ እንዳይበልጥ ማድረግ ስለሆነ፣ ጠቅላላ ምግባችሁ 195 ግራም ቪኤስ ገደማ ይሆናል። ይህንን ከሁለቱ ምንጮች እኩል ለመውሰድ 430 ግራም ትራፊና 680 ግራም እበት ይበቃል። ከቀድሞው 8 ኪሎ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ መስሎ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ፤ ልዩነቱ ግን ያለው እዚህ ላይ ነው። ድብልቁን በውሃ ወደ 15 ሊትር አድርሱት። ጎን ለጎን ሌላ ተመሳሳይ ጀሪካን አዘጋጁና ያንኑ 10 ሊትር እርሾ ያለ ምግብ፣ በውሃ 15 ሊትር አድርጋችሁ ዝጉት። እርሾው ራሱ ጋዝ ስለሚሰጥ፣ ያለዚህ ማነጻጸሪያ የምግቡን ድርሻ መለየት አይቻልም። ሁለቱንም ጀሪካኖች በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርጋችሁ ዙሪያቸውን በደረቅ የቡና ገለፈት ሙሉ፤ የሌሊቱን ብርድ ለመከላከል ከዚህ የረከሰ ነገር ጅማ ውስጥ አላውቅም።

ከመጀመራችሁ በፊት ባዶውን ጀሪካን ከነቱቦው በብስክሌት ፓምፕ በ20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ንፉትና መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ግፊቱ የወረደ ከሆነ ክዳኑን ቀይሩ። የሚያፈስ ጀሪካን ይዞ ስሌት ማሳመር ከንቱ ነው።

የጠዋቱና የከሰዓቱ ንባብ አለመገናኘት ግን የፍሳሽ ምልክት ላይሆን ይችላል። በጀሪካኑ አናት 5 ሊትር፣ በጠርሙሱ ደግሞ 8 ሊትር ጋዝ አለ እንበል። ይህ 13 ሊትር ከጠዋቱ 14 ዲግሪ ወደ ከሰዓቱ 26 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በመስፋቱና ተጨማሪ የውሃ ትነት በመያዙ 6.5 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ይኸውም አንዲት አረፋ ሳትመረት ከ800 ሚሊ ሊትር በላይ ማለት ነው። መፍትሔው በየቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በማለዳ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ማንበብና የጋዙን ሙቀት አብሮ መመዝገብ ነው። በምታነቡበት ጊዜም ጠርሙሱን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ የውስጡንና የውጪውን የፈሳሽ ወለል እኩል አድርጉ፤ የውስጡ ወለል በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢነበብ ብቻ 2 እስከ 3 በመቶ ስህተት ይገባል።

ፈሳሹም ተራ ውሃ መሆን የለበትም። በዚህ ሙቀት 1 ሊትር ንጹህ ውሃ 40 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ጋዝ ከሲሶ ሊትር በላይ ሊያሟሟ ይችላል፤ ቀስ በቀስ ስለሆነም አይታይም። በሊትር 350 ግራም የገበታ ጨው አሟሙና ፒኤቹ ከ2 እስኪወርድ ድረስ ጥቂት አሲድ ጨምሩበት፤ መሟሟቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም።

የተነበበውን ወደ መደበኛ መጠን የምትቀይሩበት ቀመር ይህ ነው፦

V0 = V × (P − Pw) / 101.325 × 273.15 / (273.15 + t)

P የአካባቢው የአየር ግፊት፣ Pw በዚያ ሙቀት ያለው የውሃ ትነት ግፊት፣ ሁለቱም በኪሎ ፓስካል፣ t ደግሞ የጋዙ ሙቀት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው P ላይ ነው። የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ወደ ባሕር ወለል የተመለሰውን ግፊት ነው፤ ከ1,750 ሜትር በላይ በሆነችው ጅማ ያለው እውነተኛ ግፊት ግን ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ነው። 101.3 ብላችሁ ብታስገቡ ምርታችሁ በሩብ ያህል ተጋንኖ ይወጣል። ባሮሜትር ካላችሁ ያሳየውን እንዳለ ተጠቀሙ።

ለምሳሌ በ30 ቀን ውስጥ ምግብ ያለበት ጀሪካን 84 ሊትር፣ ማነጻጸሪያው 22 ሊትር ሰጡ እንበል፤ ሙቀቱም በአማካይ 22 ዲግሪ፣ ግፊቱ 81.7፣ የውሃ ትነቱ 2.64 ይሁን። ቀመሩ 0.722 ማባዣ ይሰጣል። የምግቡ ድርሻ 62 ሊትር ስለሆነ ሲስተካከል 44.8 ሊትር ይሆናል፤ ለ195 ግራም ሲካፈል በአንድ ግራም ቪኤስ 230 ሚሊ ሊትር ባዮጋዝ ይመጣል። 84ን በቀጥታ ለ195 ያካፈለ ሰው ግን 431 ይጽፋል። እኔ ለማሳጠር በአማካይ ሙቀት ሠራሁት፤ እናንተ የየቀኑን ንባብ ለየብቻ አስተካክላችሁ ደምሩ።

ከቁጥሩ ጎን ሙቀቱን፣ የቀኑን ብዛትና የእርሾውን ምንጭ ጻፉ፤ መጻሕፍት ውስጥ የምታገኟቸው ምርቶች በብዛት በ35 ዲግሪ ገደማ የተለኩ ስለሆኑ የእናንተው ከእነርሱ ማነሱ የሚጠበቅ ነው። በ30ኛው ቀን ጋዙ ገና እየወጣ ከሆነም የመጨረሻ ምርት ሳይሆን የ30 ቀን ምርት ብላችሁ ሰይሙት። የሚቴኑን ድርሻ በሲሪንጅ በየሳምንቱ ለኩ፤ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ግን በጀሪካኑ አናት በነበረው 5 ሊትር አየር የተበረዙ ስለሆኑ ብቻቸውን አትመኑባቸው።