700 ጂቢ ባዶ ቦታ እያለው የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ፦ ራም ወይስ ኤስኤስዲ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለግሩፑ። ላፕቶፔ ኮር አይ5፣ ራሙ 4 ጂቢ፣ ሃርድ ዲስኩ 1 ቴራ ነው፣ ዊንዶውስ 10። 700 ጂቢ ባዶ ቦታ አለኝ፤ ግን ክሮምና ኤክሴል አብሬ ስከፍት ቀጥ ይላል። ፎርማት አስደርጌው ትንሽ ተሻለው፣ ከዚያ ተመለሰበት። አንዱ ራም ጨምር፣ ሌላው ኤስኤስዲ ግዛ ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውን ላስቀድም? ከለገጣፎ ነኝ።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ 700 ጂቢውን እርሳው። ዲስክህ ጢም ብሎ እስካልሞላ ድረስ ባዶው ቦታ 700 ሆነ 200 ፍጥነትህ ላይ ለውጥ አያመጣም። ሁለቱም መካሪዎችህ ግን አልተሳሳቱም፤ የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚነግርህ ራሱ ላፕቶፑ ነው። እንዴት እንደምታየው ወረድ ብዬ እጽፍልሃለሁ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ፣ እንዳንተ ዓይነት ላፕቶፕ በብዛት ይመጣልኛል።

ሃርድ ዲስክም ሆነ በእሱ ቦታ የሚገባው ኤስኤስዲ ስቶሬጅ ናቸው። ስቶሬጅ ማለት ማሽኑ ጠፍቶም ያለህን ሁሉ ይዞ የሚቆየው ነው፦ ዊንዶውሱ፣ ፕሮግራሞቹ፣ ፎቶው፣ ፊልሙ። ራም ደግሞ አሁን የከፈትከውን ብቻ ይይዛል፣ ኃይል ሲቋረጥም ባዶ ይሆናል። እኛ ሰፈር መብራት ድንገት እልም ሲል ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ጽሑፉ ገና ራም ላይ ነበር እንጂ ዲስኩ ላይ አልወረደም። ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩ ከዲስክ ላይ በቀጥታ አይሠራም። ኤክሴልን ስትከፍት ፕሮግራሙ ከዲስክ ተነብቦ ራም ላይ ይሰፍራል፣ ፕሮሰሰሩም የሚሠራው ከዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መክፈቻው ላይ የሚወስነው የዲስኩ ፍጥነት ነው፤ ከከፈትክ በኋላ ስንት ነገር አብሮ ሳይጨናነቅ ይሠራል የሚለውን የሚወስነው የራሙ መጠን ነው።

እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። አንተን የሚያስቸግርህ ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ «በቃ፣ አልከፍትም» አይልም። ራም ላይ ካለው ውስጥ ለጊዜው ያልነካኸውን አንስቶ ዲስኩ ላይ `pagefile.sys` የሚባል የተደበቀ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ቦታውን ለአዲሱ ይለቃል። ወደ ቀድሞው የክሮም ታብ ስትመለስ ያንን መልሶ ያነበዋል፣ በምትኩ ሌላውን ያወጣል። በዚህ ጊዜ ዲስክህ ያለ ሙያው የራምን ሥራ እየሠራ ነው ማለት ነው። ማውዙ እየተንቀሳቀሰ መስኮቱ ነጭ ሆኖ «Not Responding» የሚልህ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሲሆን ነው።

ዲስኩ ለምን አይችለውም? የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ አንባቢው ክንድ ደግሞ እየሄደ ትክክለኛው መስመር ላይ መቆም አለበት። አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ የክንዱ ጉዞ ሲጨመር አንድ ቁራጭ መረጃ ለማግኘት በአማካይ 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ያንኑ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያመጣዋል። ራም ደግሞ ከአንድ ማይክሮሰከንድ አንድ አሥረኛው ይበቃዋል። በሰው ሰዓት ብትለውጠው፣ ራም መረጃውን በ1 ሰከንድ ቢያቀብልህ ኤስኤስዲ 17 ደቂቃ፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሁለት ቀን ገደማ ያስጠብቅሃል።

አንድ ትልቅ ፊልም ስትገለብጥ ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰማህም። ፋይሉ ተከታትሎ ስለሚነበብ ሃርድ ዲስኩም በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጥሃል፣ ሳታ ኤስኤስዲ 500 አካባቢ፤ አምስት እጥፍ ቢሆን ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ ወይም ራም ሲሞላ የሚጠየቀው ግን እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቃቅን ቁራጭ ነው። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ 60 ያህሉን ብቻ ያመጣል፤ እያንዳንዱ 4 ኪሎባይት ቢሆን በሰከንድ 240 ኪሎባይት መሆኑ ነው። ፎርማት ሲደረግ ለጥቂት ጊዜ የተሻለህም ለዚህ ነው፦ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ጥቂት ነበር። ቴሌግራሙ፣ አንቲቫይረሱ፣ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ሲመለሱ ችግሩም አብሮ ተመለሰ። በነገራችን ላይ ለተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ሁሉ መጀመሪያ ፎርማት ማዘዝ አልወድም፤ ደንበኛው ከፍሎ በማግስቱ ይመለሳል።

አሁን እንዲህ አድርግ። እንደ ወትሮህ የምትሠራባቸውን ሁሉ ክፈትና ማሽኑ ሲከብደው `Ctrl + Shift + Esc` ተጫን። Task Manager ይመጣል፤ አጭሩ መስኮት ከመጣ ከታች «More details» በል፣ ከዚያ Performance ውስጥ ግባ። Memory እና Disk ላይ ያለውን እይ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ያመጣችው ላፕቶፕ ልክ እንዳንተው 4 ጂቢ ራምና 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነበረው። ገና ሲነሳ ምንም ሳይከፈት Memory ከ60 በመቶ በላይ ነበር፣ Disk ደግሞ ለብዙ ደቂቃ 100 ላይ ተሰቅሎ ቆየ። ሲረጋጋ ወደ 3 በመቶ ወረደ። ከዚያ የእሷን የዘወትር ሥራ ከፈትን፦ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ክሮም ጥቂት ታብ ይዞ፣ ቴሌግራም። Memory 94 በመቶ ደረሰ፣ Disk እንደገና 100 ሆነ። ከግራፉ ሥር ያለው የንባብ ፍጥነት ግን በሰከንድ ከ1 እስከ 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዲስኩ መቶ በመቶ ተወጥሮ የሚያመጣው ግን ይህን ያህል ትንሽ ሲሆን ክንዱ ወዲያ ወዲህ እየተሯሯጠ ነው ማለት ነው። Memory ውስጥ Committed የሚለው ደግሞ 6.9 ጂቢ ይል ነበር፤ 4 ጂቢ ባለው ማሽን ላይ ይህን ካየህ ፕሮግራሞቹ የጠየቁት ከራሙ በላይ ነው፤ ትርፉ ወይ ራሙ ውስጥ ተጨምቋል፣ ወይ ዲስክ ላይ ወርዷል፣ ወይ ተይዞ ገና ሥራ ላይ አልዋለም።

መጀመሪያ ኤስኤስዲውን አስገባን። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረው መነሳት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። Memory ግን ያው 94 ላይ ነው፣ ራም አልጨመርንማ። ታብ ስትቀይር አልፎ አልፎ እንቅ ይላል፣ ያ ቀጥ ብሎ መቆም ግን ቀርቷል፤ ከራም ወደ ዲስክ መመላለሱ አሁን ፈጣን ዲስክ ላይ ነው። በኋላ 4 ጂቢ ራም ስትጨምር Memory 70 አካባቢ ወረደ፣ Disk ደግሞ ዜሮ አካባቢ ተኛ። እንቅታውም አበቃ።

ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ራሙን ብቻ ጨምረን ቢሆን ኖሮ ከከፈተቻቸው በኋላ በምቾት ትሠራ ነበር፤ ማሽኑ እስኪነሳና እያንዳንዱ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪከፈት ግን እንደ ድሮው ትጠብቃለች። ስለዚህ ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ሃርድ ዲስክ ላለው 4 ጂቢ ማሽን እኔ ኤስኤስዲ አስቀድማለሁ። ራሙ 2 ጂቢ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ቶሎ ተነስቶ ሥራ ላይ ብቻ የሚታነቅ ከሆነ ራሙ ይቅደም። ራም ጨምር ሲሉህም ዝም ብለህ 16 አትግዛ፤ 8 ጂቢ ላይ Memory 55 በመቶ ከሆነ ተጨማሪው ያለ ሥራ ይቀመጣል። ደግሞ Memory እና Disk ሁለቱም ዝቅ ብለው ማሽኑ አሁንም ከከበደው CPU ላይ ያለውን ፍጥነት ተመልከት፤ ከተጻፈበት በጣም ወርዶ ከቆየ ፋኑ በአቧራ ተደፍኖ ሙቀቱ እያዳከመው ሊሆን ይችላል። በእኛ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ይህ ብርቅ አይደለም።

ስትገዛ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ዊንዶውስ 1 ቴራውን 931 ጂቢ አድርጎ ነው የሚያሳይህ፤ 700 ባዶ ከሆነ 231 ያህል ሞልተሃል። 240 የሚባለው ኤስኤስዲ ደግሞ 223 ገደማ ብቻ ስለሚያሳይ እንዳለ አይገለበጥልህም። ወይ 480 ግዛ፣ ወይ ፊልሙን ለይተህ አሮጌው ዲስክ ላይ ተወው። ኤስኤስዲ እስከ አፉ ሲሞላ እሱም ስለሚዘገይ ጥቂት ባዶ ቦታ ይተውለት። ለራም ደግሞ Memory ገጽ ላይ «Slots used» የሚለውን እይ፤ «1 of 2» ካለ አንዱ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ያለውን ሳትጥል ትጨምራለህ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ሰኪያቸው ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም። ከለገጣፎ መገናኛ ወይም መርካቶ ድረስ ሁለቴ እንዳትመላለስ የራስህን ራም አውልቀህ ይዘህ ሂድ። አንዳንድ ቀጭን ላፕቶፕ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነውና ከመክፈልህ በፊት ክፈተው።

ከሁሉ በፊት ግን ዲስክህ እየሞተ አለመሆኑን አረጋግጥ፤ የተበላሸ ሃርድ ዲስክም ልክ እንዲሁ 100 ላይ ይሰቀላል። PowerShell ከፍተህ ይህን ጻፍ፦

```
Get-PhysicalDisk | Select FriendlyName, MediaType, HealthStatus
```

HealthStatus ላይ «Healthy» ከሚለው ሌላ ነገር ካየህ ሌላውን ሁሉ ትተህ ፋይሎችህን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ። Healthy ቢልም እንኳ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው አትመነው። ደህና ከሆነ ኤስኤስዲ ከገባ በኋላ ሃርድ ዲስኩን አትሽጠው፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ግዛለትና ባካፕ መያዣ አድርገው። የTask Managerህን ፎቶ ሥራ ላይ እያለህ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።