ስታፋ ስንት ሜትር ይቆረጥ? ለአንድ ቢምስ ስንት ይበቃል?

ቤት አስገንቢ፦ ቢሙ 25 በ40 ሳንቲ ነው። ከቨሩ 25 ሚሊ፣ ስታፋው ባለ 8። ፌራዮው እያንዳንዱን 1.36 ሜትር እያለ እየቆረጠ ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ በ10 ሳንቲ ረዝሟል፣ ያስቁሙት። 10 ሳንቲዋ ከየት እንደመጣች ትታወቃለች፤ ከቨሩን የቀነሰው ከአንድ ጎን ብቻ ነው። ከቨር በግራም በቀኝም፣ ከላይም ከታችም አለ። የሚለካውም እስከ ስታፋው ውጪ ድረስ ነው እንጂ እስከ ዋናው ፌሮ አይደለም። ስለዚህ ከ250 ሚሊ 50 ሲቀነስ 200፣ ከ400 ደግሞ 50 ሲቀነስ 350 ይቀራል። ዙሪያው 1100 ነው። ለሁለቱ ሁኮች የፌሮውን ውፍረት አሥር አሥር እጥፍ፣ ማለትም 80 እና 80 ይጨምሩ። 1260 ሚሊ፣ ማለትም 1.26 ሜትር።

ሁሉም ከመቆረጡ በፊት አንዱን አሳጥፈው ፎርምወርኩ ውስጥ ያስገቡት። የ1.36ቱ በየጎኑ 12 ሚሊ ያህል ብቻ ነው የሚተርፈው። ፎርምወርኩ ሲነሳ ስታፋው በኮንክሪቱ ገጽ ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ያን ጊዜ ረፍዷል።

ፌራዮ፦ አንተ ለመታጠፊያ ምንም አልቀነስክም። እኛ ለ90 ዲግሪው የውፍረቱን 2 እጥፍ፣ ለ135ቱ 3 እጥፍ እንቀንሳለን። ፌሮ ሲታጠፍ ይለጠጣል እኮ!

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ግን ነገሩ መለጠጥ ሳይሆን ፌሮው ጥጉን አቋርጦ ስለሚዞር ነው። በሦስቱ 90 ዲግሪ ጥጎች ላይ የምታተርፈውን፣ መዝጊያው ጥግ ላይ ያሉት ሁለት 135 ዲግሪ መታጠፊያዎች መልሰው ይበሉታል። በ32 ሚሊ ፒን ላይ አንድ በአንድ ሳሰላው 1256 ነው የሚመጣው። ከ1260 ጋር ለ4 ሚሊ አንጣላም።

ያንተ ቅነሳ የሚሠራው የሁኩ ርዝመት መታጠፊያውንም ጨምሮ ሲለካ ነው። እኔ 80 ያልኩት ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ ጫፍ ነው። ሁለቱን ከደባለቅካቸው ከ1260 ላይ 96 ይቀነሳል፤ ለሁኩ ጫፍ 34 ሚሊ ብቻ ይቀራል። እሱ ደግሞ ሁክ አይባልም።

ተማሪ፦ ስፓኑ 4 ሜትር ነው፣ ስፔሲንጉ 15 ሳንቲ። ሳካፍለው 26.67 መጣ። 26 ልበል 27?

መልስ፦ መጀመሪያ 4 ሜትሩ ከኮለም ፊት እስከ ኮለም ፊት መሆኑን አረጋግጥ። ከመሃል እስከ መሃል ከሆነ የኮለሙን ስፋት ቀንስ። የመጀመሪያው ስታፋ ከኮለሙ ፊት 5 ሳንቲ ርቆ ይቀመጣል፤ በሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ። የሚካፈለው 3900 ነው ማለት ነው። ለ150 ሲካፈል 26 ክፍተት፣ ስለዚህ 27 ስታፋ።

አንተም ወደ ላይ ብታጠጋጋ 27 ታገኝ ነበር፣ ግን በዕድል ነው። ስፓኑ 4.05 ቢሆን ማካፈሉ 27 ይልሃል፣ ትክክሉ ግን 28 ነው። ክፍተቱ ሙሉ ቁጥር ካልመጣ ሁልጊዜ ወደ ላይ አጠጋጋ፤ ድሮዊንጉ ላይ ያለው ርቀት ከዚያ አይለፍ ማለት ነውና።

ሳይት መሐንዲስ፦ የእኔ ድሮዊንግ ለ4 ሜትር ስፓን በሁለቱ ጫፍ 1 ሜትር ድረስ በ10፣ መሃሉን በ20 ሳንቲ ይላል። 11፣ 11 እና 11 ብዬ 33 አገኘሁ። ፌራዮው 31 ይላል።

መልስ፦ ፌራዮው ልክ ነው። በየጫፉ ከ5 ሳንቲ ተነስቶ 11 ስታፋ ሲደረደር 1.05 ሜትር ላይ ያበቃል። የቀረው 1.90 ሜትር በ20 ሳንቲ ሲካፈል 9.5 ነው፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 10 ክፍተት ይወጣዋል። ግን የዳር ዳሩን ሁለት ስታፋ ቀድመሽ ቆጥረሻቸዋል፤ መሃል ላይ አዲስ የሚጨመረው 9 ብቻ ነው።

ሌላ አስገንቢ፦ እኔ ጋ ባለ 6 ተርፎኛል። እሱን በዚያው በ15 ሳንቲ ልሰር?

መልስ፦ ይሄ የቆጠራ ጥያቄ አይደለም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። አይሆንም። ባለ 6 የባለ 8ን የብረት ስፋት ግማሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። በስፋት ብቻ እንኳ ለማካካስ በ8 ሳንቲ መታሰር አለበት። ያለ ዲዛይነሩ ፈቃድ አይንኩት።

ፎርማን፦ ከ12 ሜትር ቤርጋ 1.26 እያልኩ 9 ነው የሚወጣኝ። 1.20 ባደርገው 10 ይወጣል። ለ8 ቢም፣ 216 ስታፋ፣ ከ24 ቤርጋ ወደ 22 እወርዳለሁ።

መልስ፦ የሁኩ ጫፍ ወደ 52 ሚሊ ይወርዳል። ከዩሮኮድ የተወሰደው ስታንዳርዳችን ለተራ ቢም የ135 ዲግሪ ሁክ ቢያንስ ከ5 እጥፍና ከ50 ሚሊ የሚበልጠውን ይላል፤ ለጥቂት ያልፋል። ለመሬት መንቀጥቀጥ የተዘጋጀ ዝርዝር ከሆነ ግን 10 እጥፍ ይፈልጋል፣ ያኔ ይወድቃል። የድሮዊንጉን ማስታወሻ እይ፣ ከሌለ ዲዛይነሩን ጠይቅ። እኔ ለሁለት ቤርጋ ብዬ አልፈርምም።

ኳንቲቲ ሰርቬየር፦ እኔ አስፈርማለሁ፣ ተራ ቢም ከሆነ ስታንዳርዱ ፈቅዷል። ካልሆነም ከየቤርጋው የምትተርፈው 66 ሳንቲ አትጣል። 15 በ20 ሊንቴል ከባለ 8 የሚሠራ ከሆነ፣ በዚሁ ከቨር ስታፋው ልክ 66 ሳንቲ ነው።