«ሊሰይሙልኝ ይችላሉ?» ወይስ «ስሙ ማን ይባላል?»

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር የምማር ተማሪ ነኝ። አክስቴ የአያቴን የድሮ ማድ ቤት የሚያሳይ ፎቶ ላከችልኝ። ከምጣዱ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተደገፈ፣ ሰፊ፣ ወደ አናቱ ሾጠጥ ያለ ነገር ይታያል። አያቴ ስሙን እንድትነግረኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ውድ አያቴ፣ እንዴት ነሽ? በፎቶው ላይ የሚታየውን የወጥ ቤት ዕቃ ሊሰይሙልኝ ይችላሉ?» ከመላኬ በፊት ለአክስቴ ባሳያት ሳቀችብኝ። ምኑ ላይ ነው ያበላሸሁት?

መልስ፦ አክስትሽን ያሳቃት «ሊሰይሙልኝ» ይመስለኛል። መሰየም ስም ለሌለው ነገር ስም ማውጣት ነው። አዲስ የተሠራ ትምህርት ቤት በአንድ አርበኛ ስም ይሰየማል። ዕጩም ይሰየማል። በሁለቱም ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ስም ወይም ሹመት ይሰጣል። በፎቶው ላይ ያለው ዕቃ ግን ስም አለው፤ የማታውቂው አንቺ ነሽ። አያትሽ መልእክቱ ሲነበብላት «ምን ብዬ ልሰይመው? ክርስትና ልታስነሺው ነው እንዴ?» ብትል አይፈረድባትም።

ስም ያለውን ነገር ስሙን ስንጠይቅ «ምን ይባላል?» ወይም «ስሙ ማን ይባላል?» እንላለን። ሁለተኛው ላይ «ማን» መግባቱ እንዳያስገርምሽ። «ማን» ለሰው፣ «ምን» ለነገር ነው ተብሎ ትምህርት ቤት ተምረሽ ይሆናል፤ ትክክልም ነው። «ስም» የሚለው ቃል ሲኖር ግን «ማን» ለነገርም ያገለግላል። «የከተማዋ ስም ማን ይባላል?» ያለ ሰው አልተሳሳተም። «ስሙ ምንድን ነው?» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ይገባል፣ ማንም አይቆጣሽም። ለአሮጊት ጆሮ ግን «ማን ይባላል» ይጥማል።

«ይችላሉ?» የሚለውም ቅር ያሰኛል። በአማርኛ «ትችያለሽ?» ሲባል ቀድሞ የሚሰማው የአቅም ጥያቄ ነው። ቢሮ ለቢሮ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ እንደ ትሕትና እየተለመደ መጥቷል። ለአያት ሲላክ ግን ቀዝቀዝ ይላል። በቤት ውስጥ ልመናን የሚያለሰልሱ ትንንሽ ቃላት አሉን። «እስኪ ንገሪኝ»፣ «ንገሪኝማ»፣ «እባክሽ እምዬ»። «እስኪ» ብቻዋን የ«ይችላሉ»ን ሥራ ሁሉ ትሠራለች፤ ትእዛዙን ታለዝበዋለች፣ ጭውውትም ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት ልምጣ፤ አክስትሽ ላታስተውለው ትችላለች። «እንዴት ነሽ» ብለሽ ጀምረሽ «ይችላሉ» ብለሽ ጨረስሽ። አንድ መልእክት ውስጥ አያትሽ አንዴ አንቺ፣ አንዴ እርስዎ ሆናለች። አንቱታ የአንድ ቃል ጉዳይ አይደለም፤ ግሱን፣ ተውላጠ ስሙን፣ የባለቤትነት ምልክቱን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። «እንደምን ሰነበትሽ» ካልሽ «ንገሪኝ»፣ «ማድ ቤትሽ»፣ «ታስታውሻለሽ» እያልሽ ትዘልቂያለሽ። «እንደምን ሰነበቱ» ካልሽ ደግሞ «ይንገሩኝ»፣ «ማድ ቤትዎ»፣ «ያስታውሳሉ»። መሐል ላይ መዝለል የለም።

የትኛው ይሻላል ካልሽኝ፣ ይሄን የሚወስነው ቤታችሁ ነው። አያቱን አንቺ እያለ ያደገ ልጅ ብዙ ነው፤ ንቀትም የለበትም። እናትና አባቱን ሳይቀር አንቱ ብሎ ያደገም አለ። በልጅነትሽ አጠገቧ ተቀምጠሽ የምትናገሪያትን አስታውሽ፤ እሱን ጻፊ። አንቺ ስትያት ኖረሽ ጽሑፍ ላይ ድንገት እርስዎ ብትያት «ምን አስቀየምኳት?» ብላ ልታስብ ትችላለች። በክብር ስም መራቅም አለና።

ከዚሁ ጋር «ውድ አያቴ» የሚለውን ተይው። «አያቴ» ለሌላ ሰው ስለ እሷ ስናወራ የምንለው ነው። ለራሷ ሲሆን በየቤቱ የተለመደ መጠሪያ አለ፤ እማማ፣ እምዬ፣ እማዬ፣ እቴቴ። አንቺ የምትያትን አስገቢ። «ወጥ ቤት» ስሕተት አይደለም፣ ግን ራስሽ ለእኔ ስትጽፊ «ማድ ቤት» ብለሽ የለም እንዴ? እሱ ይሻላል። «ወጥ ቤት» ወጥ የሚሠራውን ሰው ለማለትም ይነገራል።

ቃላቱን ካስተካከልን በኋላ የሚቀረው ጥያቄው ራሱ ነው። ከሽማግሌ ወይም ከአሮጊት የዕቃ ስም የጠየቀ ሰው እንደ አጠያየቁ የተለያየ መልስ ያገኛል። ያንቺን ዕቃ እንውሰድ። «ይሄ ምንድን ነው?» ብትያት የምታገኚው መልስ «የምጣድ ክዳን ነዋ!» ሊሆን ይችላል። እውነት ነው፣ ግን ስም አይደለም። ክዳን የድስትም፣ የቤትም ነው፤ የሣር ክዳን ቤት እንል የለ? «ምን ያደርጋል?» ብትያት ደግሞ «እንጀራ ይከደንበታል» ትልሻለች። ሊጡ ምጣዱ ላይ ይጋገራል፣ ዓይን ሲያወጣ በዚህ ይከደናል፣ እንፋሎቱ ያበስለዋል። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ስሙን ግን አሁንም አላገኘሽም።

«መክደኛ» ልትልሽም ትችላለች። እዚህ ላይ ጆሮሽን አቁሚ። አማርኛ ከማንኛውም ግስ የመሣሪያ ስም ማውጣት ያውቅበታል፤ መ ወይም ማ ፊት ላይ ይጨምራል፣ መጨረሻው ላይ ያ ይቀጥላል። ጠረገ፣ መጥረጊያ። አማሰለ፣ ማማሰያ። የግሱ የመጨረሻ ፊደል ከያ ጋር ሲዋሐድ ድምፁ ይለወጣል፤ ከከፈተ መክፈቻ፣ ከያዘ መያዣ፣ ከከደነ መክደኛ። እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣልሽ ብዙ ጊዜ የሥራው መጠሪያ ነው፤ ከጀርባው ሌላ የራሱ ስም ሊኖር ይችላል። «ማቡኪያ» የተባለው ዕቃ ዞሮ ዞሮ ቡሃቃ ሆኖ እንደሚገኘው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። ማንቆርቆሪያ ከግስ ወጥቶ ስም ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ መልሰሽ ጠይቂ፦ «ሌላ ስም አለው ወይ?»

ስሙን የሚያወጣልሽ አጠያየቅ «እናንተ ምን ትሉት ነበር?» የሚለው ነው። «እናንተ» እዚህ ላይ የአክብሮት አይደለም፤ እሷን፣ ጎረቤቶቿን፣ ያደገችበትን መንደር ማለት ነው። አያትሽን አንቺ ብትያትም እዚህ ቦታ ላይ «እናንተ» ትያለሽ። «ምን ይባላል?» ብትያት ሬዲዮ ላይ የሰማችውን ወይም ለከተማ ልጅ ይገባል ያለችውን ቃል ልትመርጥልሽ ትችላለች። «ምን ትሉት ነበር?» ስትያት ግን ወደ ራሷ ማጀት ትመለሳለች።

እንደገለጽሽው ከሆነ ዕቃው አክንባሎ ነው። ይህን የምነግርሽ ግን በጥያቄሽ ውስጥ እንዳታስገቢው አደራ ብዬ ነው። «አክንባሎ ነው አይደል?» ካልሽ «አዎ ልጄ» ትልሻለች፤ ትልልቅ ሰዎች የልጅን ፊት ላለማሳፈር ብዙ ነገር ያጸድቃሉ። በሷ መንደር ሌላ ስም ቢኖረው ያ ስም በዚያው ይቀራል። ዝም ብለሽ ጠይቂና ከራሷ አፍ ስሚው።

ሌላው ፎቶ የማያሳየው ነገር መጠን ነው። ለአክንባሎ ብዙ አያሰጋም፣ ምጣዱ አጠገቡ አለ። የሸክላ ማሰሮ ቢሆን ግን ጋን ይሁን ገንቦ በፎቶ ብቻ መለየት ያስቸግራል። አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለው። ትንሽ ነገር በአንስታይ ይጠራል። «ይቺ ምን ትባላለች?» ካልሽ አያትሽ በእጅ የምትያዝ ነገር ትፈልጋለች። «ይሄ ምን ይባላል?» ካልሽ ተለቅ ያለውን። ያንቺ ዕቃ ምጣድ የሚሸፍን ነውና «ይሄ» በይው። የት እንዳለ ማመልከትም አትርሺ። በስልክ ላይ ፎቶ ሲታይ ዓይን ለደከመ ሰው ሁሉም ነገር ጥቁርና ግራጫ ነው።

እንግዲህ መልእክትሽ እንዲህ ቢሆን፦

«እምዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አክስቴ የድሮውን ማድ ቤትሽን ፎቶ ላከችልኝ። ከምጣዱ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ የተደገፈው፣ እንደ ባርኔጣ ሾጠጥ ያለው፣ እናንተ ምን ትሉት ነበር? እስኪ ንገሪኝ። ከምን ነበር የሚሠራው?»

በስተቀኝ ይሁን በስተግራ አንቺ አስተካክይው። በአንቱታ የምታወሪያት ከሆነ «ሰነበቱ»፣ «ማድ ቤትዎን»፣ «ይንገሩኝ» ይሆናል፤ «እናንተ ምን ትሉት ነበር» ግን እንዳለ ይቆያል። የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የሚደፋው የብረት ክዳንም በብዙ ቤት አክንባሎ ይባላል። የጥንቱ ግን የሚሠራው በእጅ ነበር፤ በጭቃ፣ በጭድ፣ በእበት። የአያትሽ ከምን እንደነበር ስትነግርሽ የምትጠቅሳቸው ቃላት ራሳቸው ሌላ መልእክት የሚያስጽፉሽ ናቸው።

አያትሽ የምትመልስልሽ በድምፅ መልእክት ይመስለኛል። ያኔ የምትሰሚው «አክምባሎ» ነው እንጂ «አክንባሎ» አይደለም። አትደናገጪ፤ ን ከብ በፊት ስትመጣ በአፋችን ም ትሆናለች። ወንበርን ወምበር፣ አንበሳን አምበሳ፣ ገንቦን ገምቦ እንላለን፣ ስንጽፍ ግን ን እንጽፋለን። ቃሉን መዝገበ ቃላት ላይ በም ፈልገሽ ካጣሽው በን ሞክሪ። ማስታወሻሽ ላይ ግን ሁለቱንም አስፍሪ፤ እንደተጻፈው በአንድ በኩል፣ እሷ እንዳለችው በሌላ በኩል።