ከሰል፣ ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ? የአንድ ድስት ሒሳብ

ጥያቄ፦ ሦስቱንም እያፈራረቅኩ አበስላለሁ። ከሰሉን በጆንያ፣ ጋዙን በሲሊንደር፣ መብራቱን በወር ነው የምከፍለው። ታዲያ የትኛው እንደሚረክስ በምን ላውቅ?

መልስ፦ ጆንያውንና ሲሊንደሩን ተዪና አንድ ድስት ያዢ። ዋናው መሣሪያ የኩሽና ሚዛን ነው። እኔ በደረቅ ቦሎቄ ሞክሬው ነበር። ተራው የከሰል ምድጃ ግማሽ ኪሎ በላ። ጋዙ 130 ግራም ገደማ ወሰደ፤ ሲሊንደሩን ከማብሰሌ በፊትና በኋላ መዝኜ ነው ያወቅኩት። በኤሌክትሪክ ደግሞ ቆጣሪው 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። በግርድፉ 1 ኪሎ ጋዝ የ4 ኪሎ ከሰል ወይም የ10 ኪሎዋት ሰዓት ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ለ4 ሲካፈል ከሚደርሰው በታች ኪሎ ከሰል ካገኘሽ ከሰሉ ይረክሳል። ለመብራት ለ10 አካፍዪ። የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ካለሽ 4 ሳይሆን 3 ብትወስጂ ይሻላል። ጆንያው ውስጥ ያለው ዱቄትና እርጥበትም ዋጋ እንደተከፈለበት አትርሺ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ኤሌክትሪክ እሳቱ በጎን አይባክንም፤ ሁሌም የሚረክሰው እሱ ነው።

መልስ፦ ብክነቱ ማነሱ ልክ ነው፤ ጨርሶ አይባክንም ግን አይባልም። ስለ ዋጋው ግን ታሪፍህን እይ። ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የሚወደድ ከሆነ፣ ለምግቡ የምትከፍለው አማካዩን ሳይሆን የመጨረሻውን፣ ውዱን እርከን ነው። ምክንያቱም ባታበስል ኖሮ የሚቀርልህ እሱ ነበር።

ጥያቄ፦ ምድጃዬ ላይ 1,000 ዋት ይላል። ሁለት ሰዓት ከበራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው አይደል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሙቀቱን ዝቅ ስታደርጊው ምድጃው እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። መብራቱ ደክሞ ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደም ያው ምድጃ 670 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ሌላውን ሁሉ አጥፍተሽ ቆጣሪውን ማንበብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኔ ሲሊንደር ሁለት ወር ይቆይ ነበር፤ አሁን በአምስት ሳምንት ያልቃል። ጋዝ ተወደደ ማለት ነው?

መልስ፦ የዋጋ ነገር አይመስለኝም፤ ወይ ጎድሎ ተሞልቷል ወይ ይባክናል። ባዶ ክብደቱ ሲሊንደሩ ላይ ታትሟል፤ እንደገዛኸው መዝነህ ቀንስ። መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋው ከተነፋ ይፈሳልና ወዲያው ዝጋው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን የሚያጠቁር ከሆነ ደግሞ በርነሩን አጽዳ።

ጥያቄ፦ ከቦሎቄው በኋላ በተረፈው ፍም ውሃ አሞቃለሁ። ይህስ አይቆጠርም?

መልስ፦ እዚህ ላይ እኔና ባለቤቴ አንስማማም። እሷ የውሃውን ድርሻ ከድስቱ ወጪ ትቀንሳለች። እኔ ፍሙ ባይተርፍ ያንን ውሃ ለብቻው ብዬ የማላሞቀው ከሆነ አልቀንስም እላለሁ።