«ቤቴን አትነካኩብኝ» ላሉ አከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሳሎኑ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ያለው ጥግ ደግሞ ይላላጣል። መብራቱ በሽቦ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ናት። በራሴ ወጪ ነጣ ያለ ቀለም ልቀባና ሻንደሌር ልሰቅል ብዬ አከራዬን በስልክ ስጠይቃቸው ‹ቤቴን አትነካኩብኝ› አሉኝ። አሁን በደብዳቤ ልጠይቃቸው ነው። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

እህቴ፣ እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት ግድግዳውን አጥኚው። ደብዳቤሽ ውስጥ የሚገባው ቁም ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። ቀለምም እቀባለሁ፣ ኤሌክትሪክም እሠራለሁ፤ በዚህ ሥራ ብዙ የኪራይ ቤት ገብቻለሁ። አከራይ የሚፈራው ተከራዩ ወጥቶ ሲሄድ የሚጠብቀውን ነው። በየቦታው የተፈለፈለ ሶሌታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተቆራርጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ። «ቤቱን ላሳምርልዎት» የሚል ደብዳቤ ይህን ፍርሃት አይነካውም። ምኑን፣ በምን፣ በማን እንደምታሠሪ ቁጥር ጠቅሰሽ ስትጽፊ ግን እሳቸውም የሚይዙት ነገር ያገኛሉ።

ከሚላላጠው ጥግ እንጀምር። ቀለም በራሱ ጊዜ ከአንድ ጥግ ብቻ አይላላጥም። ከኋላው መታጠቢያ ቤት ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውኃ ነው። ክንድ የሚያህል ንጹሕ ላስቲክ ቁረጪና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ በደንብ ለጥፊው። ሁለት ቀን ተዪው። ስታነሺው ከግድግዳው ጋር የተያያዘው ፊቱ ላይ ጤዛ ካለ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ወደ ክፍሉ ያለው ፊቱ ብቻ ከረጠበ ደግሞ እንፋሎት ነው፤ መስኮት በመክፈት ይቀንሳል። ሌላም ምልክት አለ። የተላላጠውን ስትፍቂ ከሥሩ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ጨው ካገኘሽ ውኃ በልስኑ ውስጥ ሲመላለስ ቆይቷል ማለት ነው።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። አንድ ተከራይ በበዓል ዋዜማ «እባክህ ቶሎ ቀብተህ ውጣልኝ» ሲለኝ እርጥብ ጥግ ላይ ስቱኮ ሞልቼ ቀባሁለት። ሲያልቅ ያምር ነበር። ወር ሳይሞላው እንደ እንጀራ ዓይን ፈንዶ ወረደ። አከራዩ የቧንቧውን ችግር ከዚያ በፊት አላዩትም ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በተከራዩ ላይ አደረጉት፤ ከመያዣውም ቀነሱበት። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ያንን ጥግ ከቀለሙ ጥያቄ ለይተሽ፣ ፎቶ አንስተሽ፣ በደብዳቤው ውስጥ ለብቻው ጻፊው። የሚያፈስ ቧንቧ ማስጠገን የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው፤ አንቺ የምትጠይቂው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከተጠገነ በኋላም ልስኑ እስኪደርቅ ሦስት አራት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። በዚያው የላስቲክ ሙከራ ደግመሽ አረጋግጪ።

ቀጥሎ አረንጓዴው ቀለም ምን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ነጭ ጨርቅ በእጅ ማጽጃ አልኮል ነክረሽ ከሶፋው ኋላ የማይታይ ቦታ ላይ እሺው። ጨርቁ አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙ ፕላስቲክ ነው። ምንም ካልለቀቀና ግድግዳው የሚያብረቀርቅ ከሆነ የዘይት ቀለም ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዘይት ቀለም ላይ ፕላስቲክ ቀለም ዝም ብለሽ ብትቀቢ አይነክስም፤ በጥፍር ስትነኪው እንደ ላስቲክ እየተገፈፈ ይመጣል። መጀመሪያ በሳሙና ውኃ ታጥቦ፣ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ መነሻ ቀለም ሊቀባ ይገባል። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ግድግዳውን እያረጠባችሁ ፍቁት፤ ሕፃን ካለ ሥራው እስኪያልቅ ከቤት ይራቅ።

የቀለሙን መጠን አስልተሽ ብትጽፊ የደብዳቤው ክብደት ይጨምራል። ሳሎንሽ 4 ሜትር በ3.5 ነው እንበል፤ ቁመቱም 2.8። የዙሪያው ልክ 15 ሜትር ስለሆነ በቁመቱ ሲባዛ 42 ካሬ ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 38 ካሬ ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ይሸፍናል። ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ክሬም ስትሄጂ ሁለት እጅ አይበቃም፤ ሦስት ያዢ። ስለዚህ 12 ሊትር ያህል ያስፈልግሻል። እዚህ ላይ አንድ የሚጠቅምሽ ነገር አለ። ፈዛዛ ቀለም ላይ በኋላ የፈለጉትን መቀባት ይቀላል። ክሬም ስትጠይቂያቸው ለሚቀጥለው ተከራይም የሚሆን ቤት እያዘጋጀሽላቸው ነውና ይህንኑ ንገሪያቸው።

ወደ መብራቱ ልምጣ። ብዙ አከራይ «ሻንደሌር መብራት ይበላል፣ ሽቦ ያቃጥላል» ብሎ ይሰጋል። በድሮው አምፖል ዘመን ስጋቱ መሠረት ነበረው። ስድስት ባለ 60 ዋት አምፖል 360 ዋት ነው። ዛሬ ስድስት ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ብትሰክዪ 42 ዋት ብቻ ነው፤ ከአንዲቱ የድሮ አምፖል ያነሰ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በደብዳቤው ውስጥ አስገቢው።

እኔን የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። አሁን ያለችው አምፖል በራሷ ሽቦ ተንጠልጥላለች። ሻንደሌር ግን በምንም ዓይነት በሽቦ አይሰቀልም፤ ሶሌታው ላይ በሚታሰር የራሱ መንጠቆ ነው የሚሰቀለው። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ሶሌታው ሙሉ ኮንክሪት አይደለም፤ በቅድሚያ በተሠሩ ቢሞች መካከል ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት ነው። ትራፓኖው መጀመሪያ ሲታገል ቆይቶ በድንገት ወደ ውስጥ ከሰረገ ባዶ ብሎኬት አግኝተሻል። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ተራ ፊሸር አይዝም። ያኔ ወይ ቢሙ ላይ ማሰር ነው፣ ወይ ከውስጥ እንደ ክንፍ የሚከፈት ቡሎን መጠቀም ነው። የእኔ ምክር ከ3 ኪሎ የማይበልጥ እንድትመርጪ ነው። የብርጭቆ ጌጡ የበዛ ትልቅ ሻንደሌር ለኪራይ ቤት አልመክርም።

የሚሰቅለው ሰው ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አጥፍቶ እንዳይጀምር። ብሬከሩን ያጥፋ፣ ከዚያም ሽቦዎቹን በቴስተር ይፈትሽ። ማብሪያው የሚያቋርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን የሆነበት ቤት አጋጥሞኛል። በእንዲህ ያለ ቤት መብራቱ ጠፍቶም መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ኤልኢዲ አምፖል ከጠፋ በኋላ ፈዘዝ ብሎ ማብራቱን ከቀጠለ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከተገኘ ሥራውን አቁማችሁ መጀመሪያ ለአከራይሽ ንገሪ።

እንግዲህ ደብዳቤው ይህን ይመስላል። ልኮቹን በራስሽ ልክ ቀይሪያቸው።

«ለተከበሩ አከራዬ፤

ጉዳዩ፦ የሳሎን ቀለም ለመቀባትና መብራት ለመቀየር ፈቃድ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበቱ? በስልክ ያነሳሁትን ጉዳይ በዝርዝር ለማስረዳት ነው የምጽፍልዎ። የሳሎኑን ግድግዳ በራሴ ወጪ ክሬም ፕላስቲክ ቀለም ለመቀባት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። የቀለሙን ናሙና ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። 12 ሊትር ያህል ይፈጃል፤ ሥራው በሁለት ቀን ያልቃል። ኮርኒሱን፣ በሩንና የመስኮቱን ፍሬም አልቀባም።

በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ያለው ጥግ እርጥበት አለው። ላስቲክ ለጥፌ አይቼዋለሁ፤ ውኃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው። ፎቶውን ይመልከቱልኝ። ቧንቧውን የሚያይ ሰው ቢልኩልኝ ቤቱ ሳይጎዳ ይተርፋል። ተጠግኖ እስኪደርቅ ያንን ግድግዳ አልቀባም።

ሳሎኑ ውስጥ ባለችው አምፖል ፈንታ 3 ኪሎ የሚመዝን ባለ ስድስት አምፖል መብራት መስቀል እፈልጋለሁ። አምፖሎቹ ኤልኢዲ ስለሆኑ በድምሩ 42 ዋት ብቻ ነው የሚወስዱት። አዲስ ሽቦ አይዘረጋም፣ ግድግዳ አይቆፈርም፤ ሶሌታው ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይበሳል። የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከፈለጉ በሥራው ቀን መጥተው ማየት ይችላሉ።

ቤቱን ስለቅ መብራቱን አውርጄ የድሮውን መልሼ እገጥማለሁ፤ ቀዳዳውንም ደፍኜ እቀባለሁ። የግድግዳው ቀለም ባለበት ይቆይ ወይስ ወደ አረንጓዴው ልመልሰው፣ ምርጫዎን ከታች ጽፈው ቢፈርሙልኝ አመሰግናለሁ።

አክባሪዎ»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዳይቀር። ብዙ ጠብ የሚነሳው ተከራዩ ሲወጣ ነው፤ «ቀለሙን መልስ» «አልመልስም» እየተባባሉ። መልሳቸው በጽሑፍ ካለ ክርክር የለም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲዋዋሉ ተደንግጓል። ስለዚህ ውልሽ ላይ ስንት ጊዜ እንደቀረሽ እዪ። ሦስት ወር ብቻ ከቀረሽና የምታድሺው ካልሆነ 12 ሊትር ቀለም አትግዢ፤ መብራቱ ብቻ ይበቃሻል።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ጻፊና ይዘሽ ሂጂ። በቴሌግራም ከላክሽው «አይሆንም» ለማለት ይቀላል፤ ቁጭ ብለው የቀለሙን ናሙና በእጃቸው ሲያዩ ግን ሌላ ነው። ቀለሙን ከፈቀዱና መብራቱን ከከለከሉ አትከራከሪ፤ የፈቀዱትን አስፈርመሽ ተመለሺ። ግድግዳው በደንብ ተቀብቶ ካዩ በኋላ የመብራቱን ነገር ደግመሽ ማንሳት ይቀላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አራቱንም ግድግዳና ሶሌታውን ፎቶ አንሺ። የወረደውን የአምፖል መያዣ ከነብሎኑ በላስቲክ ጠቅልለሽ «የሳሎን» ብለሽ ጻፊበት፤ ከቆጣሪው በላይ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። ስትወጪ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።